ሳዲቅ የተባለው በሽተኛ

በ1954 ዓ.ም. የአቶ ረዲ ከዲሮ ሱቅ አሰላ ውስጥ ከፖስታ ቤቱ ብዙም አይርቅም ነበር። ከፊት ለፊት አቡጀዴና ጨው ይሸጣል። ከጀርባ፣ ከላምባው በርሜል አጠገብ፣ አንድ እግሯ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ ነበረች። የዚያች ጠረጴዛ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

አቶ ረዲ ከጨውና ከአቡጀዴው ሌላ የአንድ የአዲስ አበባ ኢንሹራንስ ኩባንያ ወኪል ነበሩ። ሥራው ባብዛኛው የጭነት መኪና ነው። መኪና ገደል ሲገባ ወይም የሰው አጥር ሲያፈርስ ባለቤቱ ይመጣል፣ እኔ ፎርሙን እሞላለሁ፣ አቶ ረዲ ማኅተም ይመታሉ፣ ወረቀቱ አዲስ አበባ ይሄዳል። የሰው ሕመም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልጆቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ የዚያን ነገር ነው። ስጨርስ ምን ያህል እንደምትወዱኝ አላውቅም፤ ቢሆንም ስሙኝ።

ጥሩሰው ወልደአማኑኤል የሚባል አብሮ አደግ ነበረኝ። የሳጉሬ ልጅ ነው፤ እኔም የሳጉሬ ልጅ ነኝ። ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። በስምንተኛ ክፍል ፈተና እኔ አንደኛ ወጣሁ፣ እሱ ሁለተኛ። ይኼን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያን ጊዜ እኔም ለራሴ ሌላ የምነግረው ነገር ስላልነበረኝ ነው። አንደኛ እኔ፣ ሁለተኛ እሱ።

ህንዱ መምህራችን ቦምቤይ ከተማ ባለ አንድ የንግድ ትምህርት ቤት ለአንድ ተማሪ ቦታ አገኘ። ትምህርቱ በነጻ ነው፤ የመርከቡንና የምግቡን ግን ወላጅ ይችላል። መጀመሪያ የጠራው እኔን ነበር። አባቴ ማሳው መሐል እንደቆመ ሰማና፣ “አንተ ህንድ ከሄድክ ከበሬው ጋር የምጠመደው እኔ ነኝ?” አለኝ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ከዚያ መምህሩ ጥሩሰውን ጠራ። የጥሩሰው እናት እትዬ በቀለች ባል የሞተባት ሴት ናት። ሁለት በሬና አንዲት በቅሎ ሸጠች። ልጁ ሄደ።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ አንድ ነገር ጠየቀ። ከውጭ አገር የሚመጣ ተማሪ ድንገት ቢታመም የሚያሳክመው ውል ይዞ ይምጣ አለ። እትዬ በቀለች አቶ ረዲ ሱቅ መጥታ ያን ውል ገዛች። ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ። “ስም” በሚለው መስመር ላይ ጥሩሰው ወልደአማኑኤል ብዬ በፈረንጅኛ ስጽፍ ብዕሩን ተጭኜው ኖሮ ወረቀቱ ተቀደደ። አቶ ረዲ አይተው፣ “ቀስ በል እንጂ፤ ወረቀቱ ምን አደረገህ?” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ይመጣል። እትዬ በቀለች ማንበብ ስለማትችል በገበያ ቀን ከሳጉሬ ትመጣና አነብላታለሁ። ባሕሩን ይጽፋል። በከተማ መሐል በሐዲድ ስለሚሄደው አውቶቡስ ይጽፋል። የራሱ ጠረጴዛ፣ የራሱ መብራት እንዳለው ይጽፋል። አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ላከ፤ ኮት ለብሶ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ። እትዬ በቀለች ፎቶውን በጉንጯ ላይ አድርጋ፣ “ከሳብኝ እንዴ?” ትላለች። እኔ ደግሞ ኮቱን አያለሁ። ልኩ ልኬ ነበር።

በመጋቢት አጋማሽ ላይ በአደራ ደብዳቤ አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ። ከላይ ለእናቱ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ከሥሩ ለኩባንያው የተዘጋጀ ወረቀት ነበር። ጥሩሰው ታሞ ኖሯል። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ በሌሊት ቀደው አወጡለት። ሚሲዮኖች በሚያስተዳድሩት ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ትምህርት ቤቱ ዋስ ሆኖለት ነው የወጣው፤ ሒሳቡ ግን አልተከፈለም። ለእናቱ እንዲህ ብሎ ነበር፦ “ዋስትናው እስከ ሰኔ ነው። እስከዚያ ኢንሹራንሱ ካልከፈለ ፈተና አያስቀምጡኝም፤ መልሰው ይልኩኛል። እማዬ፣ የምትሸጪው ሌላ በሬ እንደሌለ አውቃለሁ። ወረቀቱን አስናቀ ያውቅበታልና ለእሱ ስጪልኝ።”

አስናቀ እኔ ነኝ።

እትዬ በቀለች ደብዳቤውን ሰምታ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። “ቀደዱት አልክ?” አለችኝ።

“ቀደው ሰፉት፣ እትዬ። አሁን ደኅና ነው።”

“የቱ ጋ ነው የቀደዱት?”

የራሴን ሆድ አሳየኋት፣ በቀኝ በኩል ወደ ታች። እጇን ዘርግታ እዚያው ላይ፣ በእኔ ሆድ ላይ፣ ቀስ አድርጋ አሳረፈች። “አይዞህ” አለች፤ ለእሱ ነው።

እሷ ስትሄድ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ዋናው ሒሳብ መኖር አለበት፣ ግልባጭ አይሆንም። አራት የሒሳብ ወረቀት ነበር፦ የአልጋ፣ የቀዶ ጥገና፣ የመድኃኒት፣ የደም ምርመራ። ትምህርት ቤቱ ስለ ዋስትናው የጻፈው ደብዳቤ ነበር። ጥሩሰው ሞልቶ የፈረመበት የካሳ መጠየቂያ ፎርም ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ የጻፈለት የሕክምና ማጠቃለያ ነበር። የገባበት ቀን በእኛ የካቲት 2፣ የወጣበት የካቲት 13። ትኩሳቱ ስንት እንደነበር፣ ሕመሙ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደያዘው፣ ምን እንደተደረገለት፣ በስንተኛው ቀን ሾርባ እንደጠጣ፣ ስፌቱ መቼ እንደወጣ፣ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳያነሳ። ይኼ ሕመም ከዚህ በፊት ኖሮበት እንደማያውቅም ተጽፏል፤ ኩባንያው መጀመሪያ የሚፈልገው ይኼንኑ ነው፣ የቆየ በሽታ ከሆነ አይከፍልምና።

ሁለት ገጽ። አንድ ትልቅ ሐኪም ቁጭ ብሎ ስለ ጥሩሰው ሁለት ገጽ ጽፏል። ስለ እኔ ሁለት መስመር የጻፈ ሰው የለም። እኔ ቢያመኝ እናቴ ጤና አዳም ትሰጠኛለች፣ አባቴ “ተነሥ” ይለኛል፣ በዚያው ይታለፋል። ልጆቼ፣ በሰው ሀብት የሚቀና አለ፣ በሰው ሚስት የሚቀና አለ። እኔ በሰው ሕመም ቀናሁ። በነጭ አንሶላው ቀናሁ። በሾርባው ቀናሁ።

ስሙን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ጥሩሰው አይልም። በማጠቃለያውም በአራቱም ሒሳብ ላይ የበሽተኛው ስም በሁለት ሳጥን ተከፍሎ ተጽፏል። በመጀመሪያው ሳጥን “ወልደ”፣ በሁለተኛው “ጻድቅ”። ሒሳቦቹ ላይ ደግሞ አሳጥረውት “ሚስተር ወ. ጻዲክ” ይላል፣ በፈረንጅ ፊደል።

እኔ ይኼን ስም አውቀዋለሁ። ሳጉሬ ውስጥ የሚያውቁት አራት ሰዎች ነን። አሥር ዓመት ሲሆነን ጥሩሰው በትኩሳት ሊሞት ደርሶ ጸበል ወሰዱት። የጸበሉን ማሰሮ እንድይዝ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። መምሬ ኃይለመስቀል መስቀሉን ግንባሩ ላይ አድርገው “ወልደጻድቅ! ወልደጻድቅ!” እያሉ ሲጠሩት ሰምቻለሁ። የክርስትና ስም ለሰው የሚነገር አይደለም፤ እትዬ በቀለችም በኋላ ጆሮዬን ይዛ፣ “የሰማኸውን እዚሁ ተወው፤ ሰው መተት እንዳይሠራበት” ብላኛለች። እኔም ትቼው ነበር፤ እስከዚያች ቀን ድረስ።

አቶ ረዲ ከኋላዬ መጥተው በትከሻዬ ላይ አዩ። የፈረንጅ ፊደል በመኪና ሊብሬ ለምደው ትንሽ ያነባሉ።

“ምንድን ነው የሚለው? ሳ... ዲቅ። ሳዲቅ! ሳዲቅ ማነው?”

ዝም አልኩ።

“ወላሂ ይኼ የኛ ሰው ነው። እስላም ነው። ህንድ አገር እስላም ሞልቷል። የበቀለች ልጅ የት አለ?”

“ፎርሙ ላይ አለ” አልኩ። እውነቴን ነው፤ ፎርሙ ላይ ጥሩሰው ብሎ ፈርሟል።

“ፎርሙ ላይ ጥሩሰው፣ ሒሳቡ ላይ ሳዲቅ?” አቶ ረዲ ራሳቸውን ነቀነቁ። “እኛ ምን ቸገረን፤ እኛ ተቀብለን የምንልክ ነን። ላከው። እዚያ የሚያዩት ይዩት።”

አንዲት ማስታወሻ ከላይ ብጨምርበት ነገሩ ያልቅ ነበር። “ይኼ የዚሁ ሰው የክርስትና ስሙ ነው” የምትል አንዲት መስመር። ወረቀትም ብዕርም በእጄ ነበር። ፖስታውን አሸግሁና ላክሁ። ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ሳዲቅ ያሉት አቶ ረዲ ናቸው። እኔ ምን አልኩ? ምንም።

በሚያዝያ መጀመሪያ መልሱ መጣ። በሒሳቦቹና በሕክምና ማጠቃለያው ላይ ያለው ስም ውል የተዋዋለው ሰው ስም አይደለም ይላል። ውሉ የሚያሳክመው ባለ ውሉን ብቻ ነው። በሽተኛውና ባለ ውሉ አንድ ሰው መሆናቸው ማስረጃ ይቅረብ፤ ማስረጃው ከሆስፒታል ከወጣበት ቀን አንሥቶ በዘጠና ቀን ውስጥ፣ ማለት እስከ ግንቦት 13፣ ካልደረሰ ጥያቄው ይዘጋል። ለባለ ውሉ በወኪሉ በኩል ይነገረው።

“አላልኩህም?” አሉ አቶ ረዲ። “በል ለልጁ ጻፍለት።”

“እጽፋለሁ።”

ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ነገ እጽፋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ አንድ የጭነት መኪና ኢተያ አጠገብ ተገልብጦ ሥራ በዛ። ከነገ ወዲያ ደግሞ ሕማማት ገባ። ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያት አይጠፋም። ማታ ማታ ጋደም ብዬ ጥሩሰው ሲመለስ አየዋለሁ። ከመኪና ሲወርድ፣ ሻንጣውን ይዞ። ኮቱ ተጨማድዶ። “አስናቀ፣ አልሆነልኝም” ሲለኝ። እኔም አቅፌው፣ “አይዞህ፣ እዚህም ሥራ አለ፤ ከአቶ ረዲ ጋር እነጋገርልሃለሁ” ስለው። ይቺን “እነጋገርልሃለሁ” የምትለዋን እንዴት እንደምወዳት! ደጋግሜ ነበር የምላት።

እትዬ በቀለች ከፋሲካ በፊት መጣች። ነገሩን የነገሯት አቶ ረዲ ናቸው፤ እኔ ከጠረጴዛዬ ቀና አላልኩም።

“እናቴ፣ ወረቀቱ የልጅሽ አይደለም። ሳዲቅ የሚባል የህንድ እስላም ነው የታከመው።”

“ሳዲቅ?” አለች። ቃሉን አፏ ውስጥ አገላበጠችው። “ታዲያ የኔን ልጅ ማን አከመልኝ?”

“እሱን አላህ ያውቃል።”

“ሆዱን የቀደዱት የዚያን ሰው ከሆነ... የኔ ልጅ ሳይታከም ቀርቶ ይሆን? ሞቶብኝ ይሆን የደበቁኝ?” ወደ እኔ ዞረች። “አስናቀ፣ ደብዳቤውን የጻፈው እሱ ነው አላልከኝም? የእሱ እጅ ነው?”

“የእሱ እጅ ነው፣ እትዬ። በሕይወት አለ።”

“እና ይኼ ሳዲቅ ማነው?”

ከአፌ የወጣውን ዛሬም እሰማዋለሁ። “እንጃ” አልኩ።

ያን ጊዜ ነው የዋሸሁት። አንዲት ቃል ናት፤ ቢሆንም ውሸት ናት።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሳጉሬ ገባ። ጋሪ ነጂው ቱሳ ጨው ሊጭን መጥቶ የሰማውን ይዞ ሄደ፤ የበቀለች ልጅ የሌላ ሰው ሒሳብ ሰርቆ ገንዘብ ሊበላ ነበር ተባለ። ቱሳ በሚቀጥለው ሳምንት በበሩ ብቅ ብሎ “ኮቱ!” ሲል በኦሮምኛ ጠራኝና፣ “ና እንጂ አስናቀ! ያ ጓደኛህ ሰለመ ይላሉ። ሳዲቅ ሆነ!” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ግንቦት ሁለት ቀን ነው። ጠዋት ዝናብ ጥሎ አሰላ ጭቃ ሆናለች። እትዬ በቀለች ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባች። ከስታለች። አቶ ረዲ ወንበር ሰጧትና ደንበኛ ጠርቷቸው ወደ ፊት ሄዱ። እሷ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠጋች።

“አስናቀ፣ የኩባንያውን ነገር ትቼዋለሁ” አለች። “ይምጣ። ይመልሱትና ይምጣልኝ፤ እርሻውን አብረን እንቧጥጣለን። ሌባ ነው የሚሉትን ግን አልቻልኩትም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሴቶቹ ነጠላቸውን ይሰበስባሉ።”

አንገቴን ደፋሁ።

“አንድ ነገር ጻፍልኝ። መምሬ ኃይለመስቀል ጮሌ አገር ሄደዋል፤ ታቦት ሊያገለግሉ እስከ ግንቦት ልደታ ሰሞን ተባለ፣ እስካሁን አልተመለሱም። በቁራጭ ወረቀት ላይ ስሙን ጻፍልኝና በሰው ልላክላቸው። በቅዳሴ እንዲጠሩልኝ። ስሙ እንዲጠራልኝ።” ወደ አቶ ረዲ በኩል ተገላምጣ አየችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ጨርቋ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። “የክርስትና ስሙን። ለሌላ ሰው አልናገረውም። ላንተ ነው፤ ወንድሙ ስለሆንክ።”

ብዕሩን አነሣሁ።

“ወልደጻድቅ በል” አለችኝ በሹክሹክታ።

“ወ” ብዬ ጻፍኩ። “ል” ብዬ ጻፍኩ። እጄ ቆመ።

“ጻፍ እንጂ፤ ከበደህ?”

መሳቢያዬ በጉልበቴ ልክ ነው። ደብዳቤው እዚያ ውስጥ እንዳለ ጉልበቴ ያውቀዋል። ኩባንያው ከደብዳቤው ጋር የመለሰው የማጠቃለያው ግልባጭም አለ። ለምን እንዳወጣሁት አትጠይቁኝ። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። “ወንድሙ ስለሆንክ” ስላለችኝ ይመስለኛል። ስሙን በጆሮዬ ስትለው ደግሞ እንደ ልጅነቴ ማሰሮውን የያዝኩ መሰለኝ፤ ቅዝቃዜው እጄ ላይ መጣ።

ወረቀቱን ዘረጋሁላት። “እትዬ፣ እዚህ ላይ ይዩ።”

“እኔ ምን አያለሁ? ፊደሉ ለኔ ጭረት ነው።”

ጣቴን በእያንዳንዱ ፊደል ላይ እያሳለፍኩ አነበብኩላት። “ወ... ል... ደ። ይኼ አንድ ሳጥን ነው። ጻ... ድ... ቅ። ይኼ ሁለተኛው። ሳዲቅ የሚባል የለም፣ እትዬ። አቶ ረዲ ናቸው እንዲያ ያነበቡት። የታከመው ጥሩሰው ነው። ስሙ ሲጠየቅ የክርስትና ስሙን ነው የተናገረው።”

መጀመሪያ ደስታዋ መጣ። “እልልል!” ልትል አፏን ከፍታ በእጇ ያዘችው። ወረቀቱን ሳመችው። “ልጄ! የኔ ወልደጻድቅ! አልሰረቀም! አላልኩም?” ዕንባዋ በጉንጮቿ ላይ ወረደ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ቀና አለች።

“ይኼ ስም ያን ጊዜም እዚህ ነበረ?”

“ነበረ።”

“መጀመሪያ የመጣ ዕለት?”

“አዎ።”

“ጸበሉ ቦታ ማሰሮ ይዞ የቆመው አንተ አልነበርክም?”

የላምባው በርሜል ላይ አንድ ጠብታ ስትወርድ አየሁ።

“እኔ ነበርኩ” አልኩ።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ትሰድበኛለች፣ ትረግመኛለች፤ ያ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን አየችኝ፤ የታመመ ልጅ የሚያዩ ያህል። ከዚያ ጫማዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ “ስንት ቀን ቀረው?” አለችኝ።

“አሥራ አንድ።”

“በል ተነሣ።”

ያን ቀን ቱሳ ጋሪ አልነዳም አለ፤ ጭቃ ነው አለ። እትዬ በቀለች፣ “ሰለመ ብለህ ያወራኸውን ልጅ ስም ልታጠራ ነው የምትሄደው፤ ንዳ!” አለችው። ነዳ። ሳጉሬ አድረን በማግሥቱ በተከራየናት በቅሎ ወደ ጮሌ ወጣን፤ እሷ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ዳገቱ ላይ ብቻ ወደ ኋላ ዞር ብላ፣ “ደከመህ?” አለችኝ። “አልደከመኝም” አልኩ። “መልካም” አለችና ፊቷን መለሰች።

መምሬ ኃይለመስቀል ያጠመቁት እሳቸው መሆናቸውን፣ ጥሩሰው ወልደአማኑኤል የተባለው ልጅና በክርስትና ስሙ ወልደጻድቅ የተባለው አንድ ሰው መሆኑን በእጃቸው ጻፉ። ወደ ሳጉሬ አብረውን ተመልሰው የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ማኅተም አደረጉበት። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። አንዱ የክርስትና አባቱ ነው፤ ሽማግሌ ነው፣ በጣቱ ፈረመ። ሌላ ስሙን የሚያውቅ ማን አለ?

“ይኼ አለ” አለች እትዬ በቀለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች።

ምስክሩ ነገሩን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ መጻፍ አለበት። መምሬ ጠየቁኝ። “ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ” አልኩ። ጻፉት። ፈረምኩ።

አሰላ ተመልሼ ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ገለበጥኩና ማኅተም እንዲመቱበት ለአቶ ረዲ ሰጠሁ። አማርኛውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ፊርማዬ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

“ከአርባ አንድ ጀምሮ?”

“አዎ።”

“ታዲያ እኔ ሳዲቅ ስል ለምን ዝም አልክ?”

ማኅተሙን ከቀለሙ ላይ አንሥተው በአየር ላይ ይዘውት ቆዩ።

“ያ ረቢ!” አሉ። “ገብቶኛል። አንደኛ የወጣኸው አንተ ነበርክ፣ አይደል?” ከዚያ መቱት። “ይኼን በፖስታ አትልከውም። ራስህ ይዘኸው ትሄዳለህ፤ ከደመወዝህ።”

ናዝሬት አድሬ በማግሥቱ አዲስ አበባ ገባሁ። ኩባንያው ቢሮ ውስጥ ጥያቄዎቹን የሚመረምረው መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነበር። የመምሬን ወረቀትና ትርጉሙን ከሒሳቦቹ ጎን ዘርግቶ አንዱን ከአንዱ አስተያየ። ከዚያ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አይደለም።

“ነርሷ እንግሊዝ ትሆናለች” አለኝ። “እንግሊዞች የመጀመሪያ ስምህ ማነው ለማለት ክርስቲያን ኔም ማነው ይላሉ። ልጁ የክርስትና ስምህ ያለችው መስሎት ነው! በሁለት ሳጥን ከፍላ ጻፈችው፤ ‘ጻድቅ’ አባቱ ሆነ።” መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። “ይኼ ጥሩ ማስረጃ ነው። ትምህርት ቤቱም በዚያ ቀን ያስገባሁት ይኼንኑ ተማሪ ነው ብሎ ይጻፍልን፤ በቴሌግራም እጠይቃቸዋለሁ። ለምን በጊዜው አልነገራችሁንም? ዛሬ እኮ ግንቦት 11 ነው።”

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኩ።

“በሉ ደርሳችኋል” አለና የደረሰበትን ቀን ማኅተም መታበት። የዚያ ማኅተም ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በሰኔ መጀመሪያ ኩባንያው ከፈለ። ገንዘቡ ለጥሩሰው ሳይሆን በቀጥታ ለሆስፒታሉ ነው የተላከው። በውሉ መሠረት የመጀመሪያው ሃምሳ ብር በባለ ውሉ ላይ ይቀራል፤ ያንን እኔ ከደመወዜ ሰጠሁ። እትዬ በቀለች፣ “አልፈልግም” አላለችም፤ “እግዜር ይስጥህ”ም አላለችም። ተቀበለችኝና በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው።

ጥሩሰው ፈተናውን ተቀመጠ። በሐምሌ ደብዳቤው መጣ። በገበያ ቀን እትዬ በቀለች መጥታ በዚያችው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አነበብኩላት።

“እማዬ፣ ያን ሌሊት የምሞት መስሎኝ ነበር። ነጭ የለበሰችው ሴት ጎንበስ ብላ የክርስትና ስሜን ስትጠይቀኝ፣ ሊጸልዩልኝ ነው ብዬ ነገርኳት። እዚህም ሰው ሲሞት በክርስትና ስሙ ነው ለካ የሚጠሩት ብዬ ደስ አለኝ። በኋላም ወረቀቱ ላይ ሳየው ራሴ የነገርኳት ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም። ይኼን ሁሉ ያቃናልኝ አስናቀ መሆኑን አቶ ረዲ ጻፉልኝ...”

እዚህ ላይ አቆምኩ። አቶ ረዲ ከባንኮኒው ኋላ አቡጀዴ ይለካሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ምን እንደጻፉለት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

“ቀጥል” አለች እትዬ በቀለች።

“...አስናቀ መሆኑን ጻፉልኝ። በፈተና ሁልጊዜ ይበልጠኝ ነበር፤ እዚህ መምጣት የነበረበት እሱ ነው። ይኼን አስታውሼ የማላዝንበት ቀን የለም። በእኔ ቦታ አንቺን የሚያይልኝ እሱ ስለሆነ ግን እንቅልፍ ይወስደኛል።”

አነበብኩትና ወረቀቱን አጠፍኩ። እጆቼን ምን ላድርጋቸው? ጠረጴዛው ሥር ከተትኳቸው። እትዬ በቀለች ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ እንደሚያነብ ሰው ዘቅዝቃ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

“ሁሉንም አነበብክልኝ?”

“ሁሉንም፣ እትዬ።”

“አንድም ቃል አልዘለልክም?”

“አልዘለልኩም።”

“እስቲ እንደገና አንብበው” አለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረች። የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ አነብላት ነበር።